መብራት ሲጠፋ፦ ሶላር ወይስ ጀነሬተር?

ወደ ቡራዩ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለው ሳንሱሲ መብራት እየጠፋ የሚያስቸግረው ቤተሰብ ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር ይግዛ ወይስ የሶላር መብራት? ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት በጨለማው ሰዓት የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ሦስት ባለ 3 ዋት አምፖሎች አምስት ሰዓት ቢበሩ 45 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ሁለት ስልክ መሙላት 30 ገደማ ይጨምራል። በድምሩ 75 መሆኑ ነው። 12 ቮልት፣ 12 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 144 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ ምሽቱን አሳልፎ መጠባበቂያ ይተርፈዋል።

ለዚህች ትንሽ ፍላጎት ጀነሬተር ማስነሳት ብክነት ነው። ሞተሩ አምፖል ብቻ ቢያበራም ራሱን ለማሽከርከር ነዳጅ ያቃጥላል። ባለ 950 ዋቱ ትንሹ ጀነሬተር በሰዓት ሲሶ ሊትር ቢፈጅ እንኳ በአምስት ሰዓት ወደ ሁለት ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ጭሱ ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለዋል፣ ተኝቶ ከሆነም ላይነቃ ይችላል። በር ከፍቶ ማዕድ ቤት ውስጥ ማስነሳት አያድንም። ከመስኮት ስድስት ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ቤቶች በተጠጋጉበት ግቢ ደግሞ ከራስ መስኮት የራቀው ለጎረቤት ይቀርባል። ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራትም አይገባም፤ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መስመሩ ይወጣና የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ጀነሬተር እንጀራ ያስጋግራል የሚል ካለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ስለሚስብ ትንሹ ጀነሬተር አይችለውም። ማቀዝቀዣም ቢሆን በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሥጋ ወይም ወተት የሚሸጥ ቤት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ጀነሬተር ቢገዛ አልፈርድበትም።

ጠንካራው ተቃውሞ ክረምት ነው፤ እውነትም አለው። ባለ 20 ዋት ፓነል በበጋ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 77 ዋት ሰዓት ያስገባል። በሐምሌ ደመና ግን አራት ሰዓት እንኳ ቢያገኝ 56 ብቻ ነው፤ ለ75ቱ አይበቃም። ስለዚህ ፓነሉ ባለ 40 ዋት ይሁን፣ ወይም መብራት ሲመጣ ከግድግዳ ሶኬትም የሚሞላ ዕቃ ይመረጥ። ፓነሉ ቆርቆሮው ላይ ሲታሰር፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው በትንሹ ያዘንብል፤ የዛፍ ጥላ ጥግ ላይ ብቻ ቢያርፍበትም ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የሚያታልለው ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። እውነቱን ለማወቅ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በኋላ ሦስቱንም አምፖል አብርቶ ሰዓት መያዝ ነው፦ 144 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ 9 ዋት ጭኖ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ መቆየት አለበት። በአምስት ሰዓት ከጠፋ፣ የዋስትና ወረቀቱ ሳያልቅ ለሻጩ ይመለስ።