«ገና ይመጣል»፦ ሰምና ወርቅ ያለው አጭር ንግግር በእንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል?

ታራዴል በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። እዚያ በሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ስልክ ላይ ከጎንደር የእናቱ የጽሑፍ መልዕክት ደረሰ እንበል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። መልዕክቱም አጭር ነው፦ «ጎረቤቱ ሁሉ ልጅሽስ ይለኛል። እኔም ገና ይመጣል እላለሁ።»

ካልጋሪ ተወልዳ ያደገችው ልጁ አማርኛ ታነባለች። መልዕክቱን አንብባ አያቷ ስለ ልደት በዓል መቃረብ የጻፉ መሰላት። አባቷ ግን ዝም አለ። ልጅቷም የአባቷን ፊት አይታ «ምን ብላ ነው?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

አባትየው ምን ብሎ ይመልስላት? የአያቲቱ ንግግር ሁለት ቃል ብቻ ነው። በሁለቱ ቃላት ውስጥ ግን የበዓል ተስፋም፣ ለዓመታት ያልመጣ ልጅ ናፍቆትም አለ። አንዱን ብቻ ቢነግራት ሌላው ይቀራል። ሁለቱንም ዘርዝሮ ቢነግራት ደግሞ እናቱ በጥንቃቄ የሸሸጉትን ነገር አደባባይ አወጣው ማለት ነው።

ሰምና ወርቅን ወደ ሌላ ቋንቋ የማሻገር ችግር ሙሉ በሙሉ በዚህች ምሳሌ ውስጥ ይገኛል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ንባብ

ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመው ቃል በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ኅብረ ቃል ይባላል። እዚህ ኅብረ ቃሉ «ገና» ነው። «ና» ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። ላልቶ ሲነበብ ደግሞ «እስካሁን ያልሆነ፣ ወደፊት የሚሆን» ማለት ነው።

የተለመደው የአማርኛ አጻጻፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ለይቶ አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢ የሚለየው ከዐውዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ዐውዱ አንዱን መርጦ ሌላውን ስለሚጥል ችግር አይፈጠርም። ሰምና ወርቅ ተናጋሪ ግን ዐውዱን ሁለቱንም እንዲቀበል አድርጎ ያበጀዋል። ወሩ ታኅሣሥ ባይሆን ኖሮ የአያቲቱ ሰም ይሳሳ ነበር። ጎረቤት ስለ ልጃቸው ባይጠይቃቸው ደግሞ ወርቁ አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ማጠፊያ ግሡ ነው። «ይመጣል» የሚለው ቃል በዓሉ ይመጣል ወይስ ሰውየው ይመጣል ብሎ አይለይም፤ ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ በሰሙ ባለቤቱ በዓሉ ነው፤ «የገና በዓል ይመጣል፣ ያን ጊዜ ይደርሳል» የሚል ማጽናኛ ይሰማል። በወርቁ ባለቤቱ ልጃቸው ነው፤ «እስካሁን አልመጣም፣ መቼ እንደሚመጣም አላውቅም» ማለት ይሆናል።

ይህ ምን ያህል በቀጭን ክር የታሰረ እንደሆነ ለማየት በወንዱ ልጅ ፋንታ ሴት ልጅ መተካት ይበቃል። «ገና ትመጣለች» ሲባል በዓሉ ከንግግሩ ይወጣል፤ ሰሙ ይጠፋና ወርቁ ብቻውን ይቀራል። በድምፅም እንዲሁ ነው። አያቲቱ መልዕክቱን ጽፈው ሳይሆን ደውለው ቢናገሩት ኖሮ ወይ ማጥበቅ፣ ወይ ማላላት ነበረባቸው። ጠብቆም ላልቶም የሚሄድ ኅብረ ቃል ከድምፅ ይልቅ በጽሑፍ ይመቸዋል።

ሰሙ ለምን ያስፈልጋል?

ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው በእሳት ሲጋል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። ወርቁ ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙን ከመጀመሪያው የዘለለ አንጥረኛ እጁ ላይ የሚቀረው ቅርጽ የሌለው ወርቅ ነው።

በግዕዝ ቅኔ ቤት ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው ይህ ጥበብ በአማርኛ ግጥም፣ በአዝማሪ ዘፈንና በዕለት ተዕለት ጨዋታም ይሠራል። ለእንግሊዝኛ አንባቢ በሰፊው ያስተዋወቀው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን ሲሆን፣ እ.አ.አ በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ ርዕስ «ሰምና ወርቅ» ከሚለው የአማርኛ ስያሜ ቃል በቃል ወስዶታል። ሌቪን ለጉዳዩ ትኩረት የሰጠው የግጥም ስልት ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ሰዎች በግልጽ ሊናገሩት የማይችሉትን ለመናገር የሚጠቀሙበት የኑሮ ዘዴም መሆኑን አስተውሎ ነው።

ሰሙ ተናጋሪውን ይጠብቃል። ኃያሉን የወቀሰ ሰው ሲጠየቅ ወደ ሰሙ ይሸሻል። አያቲቱም እንዲሁ ናቸው። ልጃቸው ደውሎ «እማዬ፣ ቀረህ ብለሽ ወቀስሽኝ?» ቢላቸው «ኧረ እኔ ስለ በዓሉ ነው የጻፍኩት» ማለት ይችላሉ። ጎረቤትም ፊት ክብራቸው አልተነካም። ወቀሳው የደረሰው መድረስ ለሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የተርጓሚው ሥራ ሁለት ትርጉሞችን ቆጥሮ ማስረከብ ብቻ አይደለም። ቅደም ተከተሉንም ማስረከብ አለበት፦ መጀመሪያ ሰሙ እንዲታይ፣ ቆይቶ ወርቁ እንዲገኝ፣ ከተገኘም በኋላ ተናጋሪዋ ወደ ሰሙ የምትመለስበት በር ክፍት እንዲሆን።

የአባትየው አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ «ክሪስማስ ኢዝ ካሚንግ» ማለት ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰሙ ብቻ ነው። ልጅቷ አባቷ ለምን ዝም እንዳለ አይገባትም።

ሁለተኛው «ሂ ስቲል ሃዝንት ካም» ነው፤ «እስካሁን አልመጣም» ማለት ነው። ይህም ትክክል ነው። አያቲቱ ግን እንዲህ አላሉም። በዚህ እንግሊዝኛ ውስጥ ያሉት ሴት በግልጽ የሚያማርሩ እናት ናቸው፤ የጎንደሯ እናት ደግሞ ላለማማረር ሲሉ ነው በዓል የጠሩት።

ሦስተኛው ማብራሪያ መጨመር ነው፦ «ቃሉ እንዲህም እንዲያም ማለት ነው» ብሎ ማስረዳት። ለመማሪያ መጽሐፍ ይህ ጥሩ ነው፤ ልጅቷም ትማርበታለች። ነገር ግን ማብራሪያ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ጊዜ፣ እኩል አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሰም የሚሸፍነው ነገር አይኖርም። አድማጭ ወርቁን በራሱ የሚያገኝባት ቅጽበትም ትቀራለች።

አራተኛው መንገድ «ገና» የሚለውን ቃል ትቶ ሥራውን መፈለግ ነው። በእንግሊዝኛ «ለገና ቤቱ ይገባል» ለማለት የተለመደው አባባል «ሂል ቢ ሆም ፎር ክሪስማስ» ነው። አባትየው ከዚህ ውስጥ «ፎር» የምትለውን አንድ ቃል አውጥቶ «ሰም» ብሎ ይተካል፦ «ሂል ቢ ሆም ሰም ክሪስማስ።»

የእንግሊዝኛ አድማጭ ጆሮ መጀመሪያ የሚቀበለው የለመደውን የበዓል ተስፋ ነው። ጥቂት ቆይቶ «ሰም» የሚለው ቃል ይከነክነዋል። «አንድ የገና በዓል» ማለት ነው፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ ግን አልተነገረም። ያን ጊዜ ቀን የሌለው ቀጠሮ መሆኑ ይገባል። እናትየውም ቢጠየቁ «ለገና ይመጣል ነው ያልኩት» ብለው ወደ ሰሙ መመለስ ይችላሉ።

ይህም ሆኖ የሚቀር ነገር አለ። አማርኛው ምንም የተለየ ነገር አይታይበትም፤ እንግሊዝኛው ግን «ሰም» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እብጠት አለው። «ሂ» ብሎ ሰውየውን ስለሚጠራም በዓሉን ባለቤት የማድረግ ምርጫ ተዘግቷል። በተጨማሪም የአያቲቱ ገና ታኅሣሥ 29፣ ማለትም በካልጋሪ ጃንዋሪ 7 የሚውል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚያስበው ግን ዲሴምበር 25ን ነው። እነዚህ ኪሳራዎች የሚቀበሏቸው ናቸው፤ የሽፋኑና የግኝቱ ሥርዓት ግን ተርፏል።

በሌላ ቃል የሚገኝ ወርቅ

ተመሳሳዩ መንገድ ሌላ ዓይነት ኅብር ላይም ሊሞከር ይችላል። ከአገር ቤት በመጀመሪያው ክረምቱ ስለ አቀባበሉ የተጠየቀ ሰው «ካልጋሪ ብርድ ልብስ አለበሰችኝ» ቢል፣ ሰሙ እንግዳ ተቀባይነት ነው፦ ከተማዋ የሚሞቅ ነገር አለበሰችኝ። «ብርድ» እና «ልብስ» ተነጣጥለው ሲሰሙ ግን ወርቁ ይወጣል፦ ልብሴ ብርዱ ራሱ ሆነ።

ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «ኤ ብላንኬት ኦፍ ኮልድ» ይላል። ምስሉ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ወርቁን ከመጀመሪያው አውጥቶታል። ምስጋና የሚመስለው ሽፋን የለም።

እንግሊዝኛ ለዚህ የራሱ ኅብረ ቃል አለው፤ «ከቨርድ» ይባላል። «ሃድ ሚ ከቨርድ» ሲባል «የሚያስፈልገኝን ሁሉ አሟላልኝ» ማለት ነው፤ በጥሬው ደግሞ «ሸፈነኝ» ማለት ነው። «ባይ ኖቬምበር፣ ካልጋሪ ሃድ ሚ ከቨርድ» ቢባል ሰሙ ምስጋና ነው። የወሩ ስም ወርቁን የሚጠቁም ቁልፍ ነው፤ በኖቬምበር ካልጋሪ ውስጥ ሰውን የሚሸፍነው በረዶ ነውና። ብርድ ልብሱ በስሙ አልተጠራም፤ ሥራው ግን ተሠርቷል።

ትርጉሙ መስመር መያዙ እንዴት ይታወቃል?

አማርኛ የማይችል ሰው እንግሊዝኛውን ያለ ማብራሪያ እንዲያነበው ማድረግ አንዱ መፈተኛ ነው። ወዲያው ሐዘኑን ብቻ ካየ ሰሙ ስስ ነው። ሁለት ጊዜ አንብቦም ተስፋውን ብቻ ካየ ወርቁ ተቀብሯል። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ፣ ቆይቶ «ቆይ፣ የትኛው ገና?» ብሎ ከጠየቀ ግን ንግግሩ ተሻግሯል።

የታራዴሏ ልጅም ብትሆን መጠየቅ የሚኖርባት ይህንኑ ነው። አባቷ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከትርጉም ሥራ ውጪ ነው።