ሦስት ሜትር አሸዋ ለማቆም ስንት ሜትር ይቀበር?

በወንዝ ዳር ወይም በጠባብ የከተማ ቦታ ላይ መሠረት ሲቆፈር፣ የጎኑ አሸዋ እንዳይናድ የብረት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን እየተቆላለፉ በመዶሻ ወደ መሬት ይመታሉ። ሙያተኞቹ ሺት ፓይል ይሏቸዋል። በዚህ ሥራ ስሙ ሳይነሣ የማይቀረው ትሪግቬ ላርሰን ነው፤ ጎድጎድ ያለውንና ጠርዝ ለጠርዝ የሚቆላለፈውን ሰሌዳ በ1902 በጀርመኗ ብሬመን ከተማ የፈለሰፈው እሱ ነው። ሰሌዳዎቹ ከተመቱ በኋላ በአንድ በኩል ያለው አሸዋ ተቆፍሮ ይወጣል፤ በሌላው በኩል ያለው ባለበት ይቆማል።

ቁመቱ ከአራት ወይም ከአምስት ሜትር የማይበልጥ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ድጋፍ የለውም። ከፊት የሚደግፈው ምሰሶ፣ ከኋላ የሚይዘው ገመድም ሆነ መልሕቅ አይታይም። እንዲህ ያለው ግድግዳ ካንቲሊቨር ይባላል፤ የሚቆመውም ከቁፋሮው ወለል በታች በተቀበረው ክፍሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሐንዲሱ የመጀመሪያ ጥያቄ የተቀበረው ክፍል ርዝመት ይሆናል። ጥልቀቱ ካነሰ ግድግዳው ይገለበጣል፣ ከበዛ ደግሞ ውድ ብረት በከንቱ መሬት ውስጥ ይቀራል።

ግድግዳው እንዴት እንደሚቆም ለመረዳት የአጥር ቋሚን ማሰብ ይበቃል። አናቱን ሲገፉት ከመሬት በላይ ያለው ወደፊት ያዘነብላል፣ ከታች ያለው ጫፉ ግን ወደኋላ ይረግጣል። በመካከል የማይንቀሳቀስ አንድ ነጥብ አለ፤ ቋሚው የሚዞረው በዚያ ዙሪያ ነው። ሺት ፓይሉም እንዲሁ ነው፤ የስሌቱ ችግርም መፍትሔውም ያለው እዚያ ነጥብ ላይ ነው።

አሁን በግድግዳው ግራና ቀኝ ያለውን ግፊት እንመልከት። ከኋላ ያለው አሸዋ ወደፊት ለመናድ ይጫነዋል። ይህ አክቲቭ ግፊት ይባላል። ከፊት፣ ከቁፋሮው ወለል በታች ያለው አሸዋ ደግሞ ግድግዳው ሲገፋው አልነቃነቅም ይላል። ይህ ፓሲቭ ግፊት ነው። ሁለቱም ወደታች በተወረደ ቁጥር ከላይ እንደተሸከሙት ክብደት መጠን እየጨመሩ ስለሚሄዱ፣ በወረቀት ላይ ሲሣሉ ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ራንኪን በ1857 ባሳተመው ጽሑፍ የሁለቱን መጠን ከአሸዋው የሰበቃ ማዕዘን ጋር አያይዞ አስልቷል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ሲሆን አክቲቩ ከላይ የተጫነው ክብደት አንድ ሦስተኛ ነው፣ ፓሲቩ ደግሞ ሦስት እጥፍ። ያው አንድ አሸዋ በአንድ ጥልቀት ላይ ሲገፋ ከሚያሳየው ኃይል ይልቅ ሲገፉት የሚያሳየው ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ካንቲሊቨር ግድግዳን የሚያቆመው ይህ ልዩነት ነው።

ሥዕሉ ግን እስከ ታች ድረስ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ከመዞሪያው ነጥብ በታች ጫፉ ወደኋላ ስለሚረግጥ ግፊቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ፓሲቩ ከኋላ፣ አክቲቩ ከፊት ይሆናል። ይህን በሙሉ የሚገልጸው ስሌት አራተኛ ደረጃ ቀመር ላይ ይደርሳል፤ በእጅ ለመፍታት ያታክታል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ብሉም በ1931 ያሳተመው ሥራ አቋራጭ አበጀለት። ከመዞሪያው ነጥብ በታች ያለው ግፊት ሁሉ ተጠቅልሎ በነጥቡ ላይ እንደሚያርፍ አንድ ኃይል ይቆጠር፤ ከዚያም የማዞር ጉልበቱ፣ ማለትም ኃይል በርቀት ሲባዛ የሚገኘው ሞመንት፣ በዚያው ነጥብ ዙሪያ ይሰላ። ያልታወቀው ኃይል በነጥቡ ላይ ስለሚያልፍ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ ከስሌቱም ይወጣል። የሚቀሩት ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት።

የሚቆፈረውን ቁመት H፣ እስከ መዞሪያው ነጥብ ያለውን ጥልቀት D ብንል ሚዛኑ እንዲህ ይጻፋል፦

```
Ka (H + D)³ = Kp D³
```

Ka የአክቲቩ አንድ ሦስተኛ፣ Kp የፓሲቩ ሦስት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ የአሸዋው ክብደት ከሁለቱም ወገን ተጣጥቶ ጠፍቷል። አሸዋው ደረቅና አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቢከብድም ቢቀልም የሚፈለገው ጥልቀት ያው ነው። ክብደቱ የሚወስነው የብረቱን ውፍረት እንጂ ርዝመቱን አይደለም። ርዝመቱን የሚወስነው የሰበቃው ማዕዘን ነው።

ሦስት ሜትር የሚቆፈርበትን ቦታ እንውሰድ። Kp ለKa ሲካፈል ዘጠኝ ነው፤ የዘጠኝ ኩብ ሥር 2.08 ነው። ስለዚህ H ሲደመር D የD 2.08 እጥፍ መሆን አለበት፤ ከዚህም D የH 0.926 እጥፍ ሆኖ 2.78 ሜትር ይመጣል። በዚህ ላይ የተለመደው ሃያ በመቶ ሲጨመር 3.33 ሜትር ይሆናል። ሦስት ሜትር አሸዋ ለማቆም 6.33 ሜትር የሚረዝም ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አይታይም።

ይህ ሃያ በመቶ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው። ሥዕሉን ስናቃልል አንድ ትልቅ ኃይል በአንድ ነጥብ ላይ አስቀመጥን። አሸዋ ግን በነጥብ አይገፋም፤ ያን ኃይል ለመስጠት ርዝመት ይፈልጋል። የአሸዋውን ክብደት በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ብንወስድ፣ በእያንዳንዱ የግድግዳ ሜትር ከኋላ 10 ቶን ይገፋል፣ ከፊት 20.8 ቶን ይመክታል። ሁለቱ እንዲመጣጠኑ ከጫፉ በስተኋላ ያለው አሸዋ 10.8 ቶን መልሶ መግፋት አለበት። የተጨመረው 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ በዚያ ጥልቀት እስከ 17 ቶን መስጠት ይችላል፤ ስለዚህ ሃያ በመቶው በቅቷል። ይህ ጭማሪ እንግዲህ ለማቃለላችን የምንከፍለው ዕዳ ነው። መጠባበቂያ አይደለም።

መጠባበቂያው ለብቻው መታሰብ አለበት። አንዱ መንገድ የፓሲቩን ቁጥር ከመጀመሪያው ለ1.5 ማካፈል ነው፤ ሦስቱ ሁለት ይሆናል። ስሌቱን ስንደግመው D ወደ 3.67 ሜትር ያድጋል፣ ከሃያ በመቶው ጋር 4.4 ሜትር። ከቀድሞው ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። 3.33 ሜትር ቀብሮ ሃያ በመቶ መጠባበቂያ አለኝ የሚል ሰው በእጁ የሌለውን እየቆጠረ ነው።

ይህ በሥራ ቦታ የሚገለጠው ኤክስካቫተሩ ከተባለው በላይ ግማሽ ሜትር ሲቆፍር ነው። የሚቆመው አሸዋ 3.5 ሜትር ሆነ፣ የተቀበረው ደግሞ ከ3.33 ወደ 2.83 ወረደ። ለ3.5 ሜትር ቁመት ሚዛኑ ብቻ፣ ያለ ምንም ጭማሪ፣ 3.24 ሜትር ይጠይቃል። በስሌቱ መሠረት ግድግዳው ወድቋል። አንድ ባልዲ ጥልቀት ያለው ስሕተት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ጭነቱን ይጨምራል፣ የሚመክተውን ይቀንሳል። የአውሮፓ የጂኦቴክኒክ ደንብ፣ ዩሮኮድ 7፣ ለካንቲሊቨር ግድግዳ ከቁመቱ አሥር በመቶ፣ ግን ከግማሽ ሜትር ያልበለጠ፣ ተጨማሪ ቁፋሮ ከወዲሁ እንዲታሰብ ያደረገው ለዚህ ነው። ሲወድቅም ድንገት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ የግድግዳው አናት ወደ ቁፋሮው ያዘነብላል፣ ከኋላው ባለው መሬት ላይም ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ይከፈታል። አናቱን በየቀኑ የሚለካ ቡድን ይህን ቀድሞ ያያል።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው፤ በትክክል ለመናገር የውሃ ከፍታ ልዩነት። በሁለቱም ወገን ውሃው እኩል ከሆነና አሸዋው በሙሉ በውሃ ውስጥ ከሆነ፣ ክብደቱ እንደገና ተጣጥቶ ይጠፋል፤ ጥልቀቱም ያው 2.78 ሜትር ነው። ነገር ግን ከዝናብ በኋላ ከኋላ ያለው ውሃ እስከ መሬት ገጽ ሞልቶ፣ ከፊት ያለው እስከ ቁፋሮው ወለል በፓምፕ ቢወጣስ? የሦስት ሜትር ውሃ በወለሉ ደረጃ በካሬ ሜትር ሦስት ቶን ይገፋል፤ ይህ ልዩነት ወደታች እየቀነሰ ጫፉ ላይ ዜሮ ይሆናል ብለን ብናስብ፣ በሥዕሉ ላይ አዲስ ጭነት ይጨመራል። አሸዋው ደግሞ በውሃ ውስጥ ስለሚቀል መመከቻው ይዳከማል። አዲሱ ሚዛን 6 ሜትር ይጠይቃል፤ ከሃያ በመቶው ጋር 7.2 ሜትር። ሰሌዳው ከ6.33 ወደ 10.2 ሜትር ረዘመ፤ አሸዋው ያው፣ ቁፋሮውም ያው ነው።

በዚህም አያበቃም። ውሃው በጫፉ ሥር ዞሮ ከፊት በኩል ሲወጣ አሸዋውን ከታች ወደላይ ያነሣዋል፤ ፓሲቩ ከስሌቱም በታች ይወርዳል። በቁፋሮው ወለል ላይ አነስተኛ የአሸዋ ክምሮች ከመካከላቸው ውሃ ሲፈልቅ ከታዩ፣ የሚመክተው አሸዋ ክብደቱን እያጣ ነው። ያኔ ፓምፑን ማጠንከር ነገሩን ያብሰዋል፤ ውሃው ከኋላ በኩል መቀነስ አለበት።

ይህ ሁሉ በከተማ መጠን የታየው በኒው ኦርሊንስ ነው። የለንደን አቬኑ ቦይ የጎርፍ ግንቦች በአፈር ግድብ አናት ላይ የተተከሉ፣ ከላይ ኮንክሪት የለበሱ ካንቲሊቨር ሺት ፓይሎች ነበሩ፤ ከሥራቸው የጥንት የባሕር ዳርቻ አሸዋ አለ። በነሐሴ 2005 የመጣው የካትሪና አውሎ ነፋስ የቦዩን ውሃ ከፍ ሲያደርግ ግንቦቹ በሁለት ቦታ ተሰበሩ፤ ውሃው ግን አናታቸውን አልተሻገረም ነበር። መርማሪዎቹ እንደደረሱበት ግንቡ ወደ ከተማው ሲያዘነብል በቦዩ በኩል ከአፈሩ ተለይቶ ቀጭን ክፍተት ፈጠረ፤ ውሃው በዚያ ገብቶ በቀጥታ ከታች ካለው አሸዋ ጋር ተገናኘ። በአሸዋው ውስጥ ወደ ቤቶቹ በኩል የሄደው ግፊት ግንቡን የሚመክተውን አፈር ከሥሩ አነሣው፣ በአንደኛው ቦታም አሸዋውን ጠርጎ አወጣው።

በ2007 የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ከዚሁ ቦይ ግንብ ከፊሉን ለይቶ ዙሪያውን ከዘጋ በኋላ ውሃ እየሞላ ፈተነው፤ ግንቡ ምን ያህል እንደሚያዘነብልና ግፊቱ በአሸዋው ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ለካ። ከካትሪና ወዲህ እንዲህ ያለ የጎርፍ ግንብ ሲሰላ በውሃው በኩል ክፍተት እንደሚከፈት አስቀድሞ ይታሰባል፤ በግፊቱ ሥዕል ላይም የውሃው ሦስት ማዕዘን ከመሬቱ ገጽ አልፎ ክፍተቱ እስከሚደርስበት ድረስ ሳይቀነስ ይሣላል።