ራይት የበዛበት ሠንጠረዥ

ጀማሪ ድርጅቶች ለባለሀብት በሚያቀርቡት ሰነድ ውስጥ የተፎካካሪዎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ አይጠፋም። በግራ በኩል የአገልግሎት ዓይነቶች ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ከላይ የድርጅቶቹ ስም ተጽፏል። የመሥራቹ ዓምድ ከላይ እስከ ታች በራይት ምልክት ተሞልቷል፤ የሌሎቹ ዓምድ ኤክስ ይበዛበታል። ልምድ ያለው ባለሀብት ግን ከምልክቶቹ በፊት ረድፎቹን ያያል። እነዚህን ጥያቄዎች የመረጠው ማን ነው? መሥራቹ የራሱን ምርት ዝርዝር ወስዶ ረድፍ ካደረገው፣ ውድድሩ ሳይጀመር አሸናፊው ታውቋል።

ረድፍ መምረጥ ምን ያህል ፍርድን እንደሚለውጥ አይፖድ ጥሩ ምስክር ነው። አፕል መሣሪያውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ነው። ክሪኤቲቭ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ኖማድ ጁክቦክስን ቀደም ብሎ ገበያ ላይ አውሎ ነበር። ኖማዱ 6 ጊጋባይት ይይዛል፤ አይፖዱ 5። “የማከማቻ መጠን” የሚል ረድፍ ላይ አይፖድ ተሸናፊ ነው፤ አንዳንድ የቴክኖሎጂ ተከታታዮችም በዚሁ አጣጥለውት ነበር።

ሙዚቃ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነበር። ኪስ ውስጥ ይገባል? ዘፈኖቹን ለመጫን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ኖማዱ የሲዲ ማጫወቻ ያህል ስፋት ስለነበረው ኪስ አይችለውም። አይፖዱ ፋየርዋየር በተባለው ፈጣን ገመድ ስለሚሠራ፣ አፕል 1,000 ዘፈን ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚጫን ገልጾ ነበር፤ በዘመኑ ዩኤስቢ ይኸው ሥራ ሰዓታት ይወስድ ነበር። እነዚህ ሁለት ረድፎች ተጠቃሚው በየቀኑ የሚነካቸው ስለሆኑ የእውነት ብልጫ ናቸው።

ሐቀኛ ሠንጠረዥ ግን እዚህ ላይ አይቆምም። የመጀመሪያው አይፖድ የሚሠራው ከማኪንቶሽ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ነበር፤ ዋጋውም 399 ዶላር። “ከዊንዶውስ ጋር ይሠራል?” የሚለው ረድፍ ላይ ኤክስ መግባት ነበረበት፤ አብዛኛው ገዢ ደግሞ ዊንዶውስ ነበር የሚጠቀመው። አፕል የዊንዶውሱን አይፖድ በ2002፣ አይቲዩንስን ለዊንዶውስ በ2003 አወጣ፤ ሽያጩም በእጅጉ ያደገው ከዚያ ወዲህ ነው። ያንን ረድፍ ከሠንጠረዡ የሚያወጣ መሥራች ቀጣይ ሥራውን አብሮ ያወጣል።

ወደ ሰፈር ሱቅ እንምጣ። አንድ ወጣት ለባለሱቆች የዱቤ መዝገብ የሚሆን የስልክ መተግበሪያ ሠራ እንበል። ሠንጠረዡን ሲሠራ ሌሎች መተግበሪያዎችን ብቻ ከደረደረ ትልቁን ተፎካካሪ ረስቷል፤ ባለሱቁ መደርደሪያ ሥር የሚያስቀምጠውን የዱቤ ደብተር። የመጀመሪያው ዓምድ የእሱ መሆን አለበት።

ረድፎቹንም ከባለሱቆች አፍ ማግኘት ይቻላል። ጥያቄው “መተግበሪያዬ ምን ይመስላል?” ሲሆን ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ያሞግሳል። “ባለፈው ወር ዱቤ ስትሰበስቡ ምን አስቸገረዎት?” ሲባል ግን የሆነውን ይናገራል። ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ያነሱት ጉዳይ ረድፍ ይሆናል፤ ማንም ያላነሳው፣ ለመሥራቹ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ይቀራል።

ቀጥሎ ራይቱን በልኬት መተካት ነው። “ለአጠቃቀም ቀላል” የሚል ረድፍ ማንንም አያሸንፍም፤ ሁሉም ለራሱ ራይት ያደርጋል። በምትኩ ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት አንድ ዱቤ ለመመዝገብ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ባለሱቁ ራሱ እየሠራ በሰዓት ይለካ፤ በደብተርም በስልክም። እዚህ ላይ ደብተሩ ማሸነፉ አይቀርም፤ ስልክ መክፈት፣ ስም መፈለግና ቁጥር ማስገባት ጊዜ ይወስዳል። ቻርጅ ሲያልቅም ደብተሩ ይሠራል። የወር መጨረሻ ሒሳብ መደመር ላይ ግን ስልኩ ይቀድማል፤ ደንበኛው “ይህን አልወሰድኩም” ሲልም በዕለቱ የደረሰው አጭር መልእክት ክርክሩን ይዘጋዋል።

እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ሁለት ረድፍ ሽንፈት፣ ሁለት ረድፍ ድል ይዞ ይቀርባል፤ ለማን መሸጥ እንዳለበትም ይናገራል። የዱቤ ደንበኞቹ አምስት ለሆኑ ሱቅ ደብተሩ ይበቃዋል። ብዙ ቤተሰብ በወር ደመወዝ የሚከፍለው፣ በየወሩ መጨረሻ የሚጨቃጨቅ ባለሱቅ ግን ገንዘብ ሊያወጣበት ይችላል። በራይት የተሞላው ገጽ እነዚህን ሁለት ሰዎች አይለያቸውም።

ሠንጠረዥ እየሠራ ያለ መሥራች ገጹን ለባለሀብት ከማሳየቱ በፊት ተፎካካሪውን በየቀኑ ለሚጠቀም አንድ ሰው ይውሰደውና ስህተት የሆነውን ረድፍ እንዲያሳየው ይጠይቀው፤ እያንዳንዱ ልኬት የተወሰደበትን ቀንም አጠገቡ ይጻፍበት፤ ተፎካካሪዎች ዋጋና አሠራር ይቀይራሉና።