በኮሚቴው ፊት የሚመዘነው አንቀጹ ነው

እ.ኤ.አ. በ1960 በአላባማዋ ሞንጎመሪ ከተማ ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች በፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ወደሚገኝ ለነጮች ብቻ የተከለለ ምግብ ቤት ገብተው እንዲስተናገዱ ጠየቁ። ኮሌጃቸው ጥፋታቸውን በግልጽ ሳይነግርና ቃላቸውን ሳይሰማ ዘጠኙን አባረረ። ከተባረሩት የተወሰኑት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በቀጣዩ ዓመት የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪውን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊሰማው እንደሚገባ ወሰነ። ዛሬ በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጽሑፍ ስርቆት የተጠረጠረ ተማሪ ደብዳቤ ደርሶት ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው በዚህ ፍርድ በተጠረገው መንገድ ነው።

ተማሪው እስከ ምን ድረስ መሰማት አለበት የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንዲት የሕክምና ተማሪን ጉዳይ አይቶ፣ በትምህርት ድክመት ለሚሰናበት ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ችሎት ማስቻል አይጠበቅበትም አለ። የጽሑፍ ስርቆት በዲሲፕሊን ጥፋትና በትምህርት ድክመት መካከል ይወድቃል። ምንጩ በአግባቡ አልተጠቀሰም ማለት የመምህር ምዘና ነው፤ ሆን ብሎ አታለለ ማለት ግን የዲሲፕሊን ክስ ነው። የግል ዩኒቨርሲቲዎችን ደግሞ በዋናነት የሚይዛቸው ራሳቸው ያወጡት መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በኒው ጀርሲ የተወሰነው የፕሪንስተን ጉዳይ ይህን ያሳያል። ለመመረቅ የተቃረበች ተማሪ በስፓኒሽ ሥነ ጽሑፍ ጽሑፏ ተከስሳ ዲግሪዋ ለአንድ ዓመት ተያዘባት፤ ፍርድ ቤቱም የዩኒቨርሲቲውን ውሳኔ አጸናው።

ማስረጃን በተመለከተ ብዙ ተማሪዎች የሚደነግጡት ተርኒቲን የተባለው ሶፍትዌር በሚያወጣው የመቶኛ ቁጥር ነው። አንድ ምሳሌ እናስብ። ከአዲስ አበባ ሄዶ የሚማር ወጣት ስለ ቡና ገበሬዎች ማኅበራት 2,000 ቃላት ጻፈ፤ ሪፖርቱ 31 በመቶ ተመሳሳይነት አሳየ። ሲመረመር 12 በመቶው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። 9 በመቶው በትእምርተ ጥቅስ ተከቦ ምንጩ የተጠቀሰ ነው። 4 በመቶው ማንም የሚጠቀምባቸው የተለመዱ ሐረጎች ናቸው። የቀረው 6 በመቶ ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ ነው፤ 120 ቃላት፣ የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል እንዳለ ሆኖ ጥቂት ቃላት ብቻ ተቀይረውበታል። ጽሑፉ የተወሰደበት መጣጥፍ በዋቢው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ አንቀጹ ሥር ግን አልተጠቀሰም። ክሱ ይኸው አንቀጽ ነው። በ31 በመቶ ላይ የሚከራከር ተማሪ የጥያቄውን እምብርት ስቷል፤ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ኮሚቴም እንዲሁ። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው መነበብ አለባቸው።

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጥፋተኛ ለማለት እንደ ወንጀል ችሎት ጥርጣሬ የማይተው ማስረጃ አይጠየቅም፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ካጋደለ ይበቃል። ሆን ተብሎ መደረጉም ብዙ ጊዜ ለጥፋቱ ሳይሆን ለቅጣቱ ነው የሚታየው። ስለዚህ ወጣቱ አንቀጹን ራሱ አስቦ እንደጻፈው ቢምል ከፊቱ ያለው ወረቀት ይመሰክርበታል። እንደ እኔ እምነት የሚያዋጣው የሆነውን አምኖ እንዴት እንደሆነ ማሳየት ነው። በጉግል ዶክስ ጽፎ ከሆነ «Version history» የሚለው ገጽ ጽሑፉ በየትኛው ቀን እንዴት እያደገ እንደመጣ ያሳያል። ማስታወሻው ላይ አንቀጹ ከነምንጩ ተገልብጦ ከተገኘ፣ ወደ ጽሑፉ ሲሻገር ምንጩ እንደወደቀ ይታያል፤ ይህ ከክሱ ነፃ ባያወጣውም ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ክሱ ከመጣ በኋላ ፋይሉን መነካካት ግን ማስረጃውን ያበላሻል፤ ሌላ ክስም ሊያስከትል ይችላል።

ተማሪ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብቱ በፌዴራል ሕግ የታወቀ ነው። ሆኖም ሕጉ ለዩኒቨርሲቲው እስከ 45 ቀናት ስለሚሰጥ ችሎቱ ሊቀድም ይችላል፤ ስለዚህ የክሱን ፋይል በዕለቱ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። አማካሪ ይዞ መቅረብ በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ ጠበቃም ቢሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ በተማሪው ስም መናገር አይችልም።

ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ፣ ከጽሑፉ ዜሮ ወይም ከኮርሱ ኤፍ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ እገዳና መባረር ያድጋል። በኤፍ-1 ቪዛ ለሚማር ሰው እገዳም ቢሆን እጅግ ይከብዳል፤ የአንድ ሴሚስተር እገዳ በአሜሪካ የመቆየት ሕጋዊ ሁኔታውን ሊያሳጣው ይችላልና። ዩኒቨርሲቲዎች ከችሎቱ በፊት «ጥፋቴን እቀበላለሁ» የሚል ቅጽ የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ። ቅጣቱ በጽሑፍ ሳይታወቅና የውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮ ሳይጠየቅ መፈረም አደገኛ ነው።

ይግባኝ አለ፤ ቀነ ገደቡ ግን አጭር ነው፣ ምክንያቶቹም ጠባብ ናቸው፦ የሥነ ሥርዓት ግድፈት፣ አዲስ ማስረጃ፣ ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠን ቅጣት። ተማሪው አስቀድሞ ያላየው ሰነድ በችሎቱ ላይ ከቀረበ ተቃውሞውን እዚያው አሰምቶ በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብ አለበት፤ ይግባኝ ሰሚው መጀመሪያ የሚያገላብጠው ያንን ቃለ ጉባኤ ነው።