የአገር ችግርና የጥናት ችግር

አንድ የግብርና ኢኮኖሚክስ የማስተርስ ተማሪ እናስብ። የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶቹን ጨርሷል፤ የቀረው የመመረቂያ ጥናቱ ነው። ርዕሱንም መርጧል፦ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች አሲዳማ ማሳን በኖራ ስለማከማቸው። ለአማካሪው ያቀረበው ፕሮፖዛል ውስጥ የችግሩ መግለጫ አምስት ገጽ ይዟል። ግብርና የኢኮኖሚው የጀርባ አጥንት ነው ብሎ ይጀምርና በሕዝብ ቁጥር፣ በምግብ ዋስትናና በአየር ንብረት ለውጥ በኩል ዞሮ መጨረሻ ላይ «በዚህ ወረዳ ጥናት ስላልተካሄደ ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል» ይላል። ከሥሩ ሦስት ዓላማዎች ተደርድረዋል፦ የአርሶ አደሩን ግንዛቤ ማሳደግ፣ የኖራ አጠቃቀምን ማሻሻል፣ ምርታማነትን መጨመር።

አማካሪው ሁሉንም አንብበው ኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱለት፦ «የማታውቀው ነገር ምንድን ነው?»

ተማሪው ምሳሌ ነው፤ ረቂቁ ግን በየትምህርት ክፍሉ የሚታይ ነው። ጥያቄውም የነገሩ ቁልፍ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው የማሳው ችግር ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ስለሚያዝ አርሶ አደሩ የከፈለበት ማዳበሪያ ለሰብሉ በቅጡ አይደርስም። ይህ ከባድ ችግር ነው፤ ግን የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱም ኖራ እንደሆነ ይታወቃል። ሁለተኛው የእውቀት ችግር ነው፦ መድኃኒቱ እየታወቀ ለምን በብዙ ማሳ ላይ አይደርስም? ጥናት የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው። ተማሪው አምስት ገጽ የጻፈው ስለ መጀመሪያው ሲሆን ሁለተኛውን «ጥናት አልተካሄደም» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አልፎታል።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ፕሮፖዛሎችን ጥላለች። በአንድ ወረዳ ጥናት አለመካሄዱ ብቻውን ክፍተት አይሆንም። አጎራባች ወረዳ ላይ የተገኘው መልስ እዚህም የሚሠራ ከሆነ መድገሙ ምን ይጨምራል? ቀላል መፈተኛ አለው። ከችግሩ መግለጫ ላይ የወረዳውን ስም ሰርዞ የሌላ ወረዳ ስም መተካት ነው። ምንም የሚፋለስ ነገር ከሌለ ተማሪው ቦታውን ገና አላየውም ማለት ነው።

ፋግታ ለኮማ ግን የራሷ ታሪክ አላት። እዚያ አርሶ አደሩ የደከመ ማሳውን ለዲከረንስ ይሰጣል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላል፣ በሚቀጥለው ሣር ያጭዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ስለዚህ የዚህ አርሶ አደር ምርጫ ኖራ መጠቀም ወይም አለመጠቀም ብቻ አይደለም። አንዱን ማሳ በኖራ ሊያክም፣ ሌላውን ዲከረንስ ሊተክልበት፣ ሦስተኛውን እንዳለ ሊያርሰው ይችላል። «ኖራ ተጠቅመዋል ወይ?» ብሎ አዎና አይ ብቻ የሚመዘግብ መጠይቅ ዛፍ የተከለውን ሰው «ግንዛቤ የሌለው» ብሎ ይቆጥረዋል። ሰውየው ግን ስለ አፈሩ አሲዳማነት ከማንም በላይ ስላወቀ ሊሆን ይችላል ዛፉን የተከለው።

የኖራው ሥራ ራሱም መታየት አለበት። መጠኑ የሚወሰነው በአፈር ምርመራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው በሄክታር በቶን የሚቆጠር ነው። ሦስት ቶን ቢታዘዝ ለሩብ ሄክታር ብቻ ሰባት ኩንታል ተኩል ይሆናል፤ ይህን ከመንገድ ርቆ ወዳለ ማሳ ማጓጓዝ የአንድ አህያ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ከዘር በፊት ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መደባለቅም አለበት። ጥቅሙ ደግሞ ለዓመታት የሚዘልቅ ነው፤ ይህ ለባለ መሬቱ መልካም ሲሆን በእኩል ለሚያርሰው ግን በሰው መሬት ላይ ገንዘብ መቅበር ሊመስለው ይችላል። ከዚህ በኋላ «ዋናው ችግር የግንዛቤ ማነስ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተጠርጣሪ ይሆናል። ጥናቱ ሳይጀመር መልሱን ችግር አድርጎ ጽፎታልና።

ተማሪው ንባቡን ጨርሶ፣ ሁለት ቀን ወረዳው ውስጥ ሰንብቶ ቢመለስ የችግሩ መግለጫ እምብርት እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«በወረዳው አርሶ አደሮች አሲዳማ ማሳቸውን በኖራ ያክማሉ፣ ዲከረንስ ይተክሉበታል ወይም እንዳለ ያርሱታል። የኖራ ሥርጭት የሚታቀደው ግን ምርጫው ኖራ መጠቀምና አለመጠቀም ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ነው። አንድ አርሶ አደር በየትኛው ማሳው ላይ የትኛውን እንደሚመርጥ፣ የመሬት ይዞታውና ከመንገድ ያለው ርቀት በምርጫው ላይ ምን ያህል እንደሚመዝኑ አይታወቅም። ይህ ባለመታወቁ ኖራው ሊጠቅም ለማይችልበት ማሳ ተመድቦ ለሚፈልገው ሊያጥር ይችላል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ያለውን ሁኔታ፣ የተያዘውን ግምት፣ ያልታወቀውን እና ባለመታወቁ የሚደርሰውን ጉዳት በቅደም ተከተል ይናገራል። «አይታወቅም» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ግን ተማሪው ስለ ኖራና ስለ ዲከረንስ የተጻፉትን ጥናቶች በእርግጥ ማንበብና የት ላይ እንደቆሙ ማሳየት አለበት። የተመለሰ ጥያቄ ካገኘ ደግሞ ጥያቄውን መቀየር ግዴታው ነው።

ወደ ዓላማዎቹ እንምጣ። ግንዛቤ ማሳደግና ምርታማነት መጨመር የፕሮጀክት ዓላማዎች ናቸው፤ በጀትና ባለሙያ ያለው ድርጅት ዓመታት ይሠራባቸዋል። የማስተርስ ተማሪ መጠይቅ ይዞ ወርዶ መረጃ ሰብስቦ ይመለሳል። የእርሱ ግሦች መለየት፣ መለካት፣ ማነጻጸርና መመርመር ናቸው። አጠቃላይ ዓላማው አርሶ አደሮች ከሦስቱ አንዱን የሚመርጡበትን ምክንያት መመርመር ይሆናል። ዝርዝር ዓላማዎቹ ከዚያ ይወጣሉ፦ በየማሳው የተወሰደውን ምርጫ መለየት፤ የይዞታውና የርቀቱን ተጽዕኖ መለካት፤ የሦስቱን ምርጫዎች ወጪና ገቢ በአምስት ዓመት ስሌት ማነጻጸር።

በእያንዳንዱ ዓላማ ፊት «መረጃው ከማን ይገኛል? በምን ይተነተናል?» ተብሎ ቢጻፍ ደካማው ወዲያው ይታያል። ለመጀመሪያው አርሶ አደሩን በጅምላ ሳይሆን ማሳ በማሳ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ መጠይቁን ያረዝማል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ቤተሰብ ቁጥር ሊቀንስ ነው። ሦስተኛው የኖራውን፣ የማጓጓዣውንና የከሰሉን ዋጋ ይፈልጋል። ተማሪው አራተኛ ዓላማ አድርጎ «ለወረዳው ተስማሚውን የኖራ መጠን መወሰን» የሚል ጨምሮ ቢሆን እዚህ ላይ ይወድቅ ነበር። እርሱ የማሳ ሙከራ ነው፤ የአፈር ላቦራቶሪና ከአንድ በላይ የምርት ወቅት ይጠይቃል። ፕሮፖዛሉ ኅዳር ላይ ቢጸድቅ የመኸር ዘር ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል፤ የሚቀጥለው እስኪደርስ ጽሑፉ ማለቅ ይጀምራል። ያን ዓላማ መሰረዝ ጥናቱን አያሳንሰውም፤ ለአፈር ሳይንስ ክፍል ጓደኛው የሚተወው ሥራ ነው።

ብዙ ገምጋሚዎች ሳያውቁት የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። የችግሩን መግለጫ አንብበው ዓላማዎቹን ከማየታቸው በፊት በልባቸው ይገምታሉ። የገመቱትን ካገኙ ፕሮፖዛሉ አንድ ሐሳብ አለው። ተማሪውም ዓላማዎቹን በወረቀት ሸፍኖ ለጓደኛው በማስነበብ ይህን ራሱ ሊሞክር ይችላል። ጽሑፉ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ እኔ ሌላም እጨምርለት ነበር፦ አስቀድሞ በአማርኛ ለአንድ አርሶ አደር ይንገረው። «ግንዛቤዎን ላሳድግ መጣሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፊት ለፊት ሲነገር ለተናጋሪውም ይከብዳል። «አባባ፣ የላይኛውን ማሳ ኖራ ነስንሰው የታችኛውን ለምን ዲከረንስ ተከሉበት?» ብሎ ቢጠይቃቸው ግን ሽማግሌው ቁጭ በል ብለው መናገር ይጀምራሉ።