ለጨቅላ «ቡና» ይሰጣል? ያለቀኑ ለተወለደ ሕፃን ስለሚታዘዘው ካፌይን ተረትና እውነታ

ሐኪሙ «ካፌይን እንጀምርለት» ሲል ለቤተሰቡ መጀመሪያ የሚታየው ስኒ ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ሁሉ «ቡና ቀንሺ» ስትባል ሰምታ የከረመች አያት፣ አንድ ኪሎ ከምናምን ለሚመዝን የልጅ ልጇ ካፌይን መታዘዙን ስትሰማ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ከድንጋጤው ጋር ግን አንዳንዱ ጉዳት የሚያመጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳያስፈልግ እንቅልፍ የሚነሳ ወሬ ይመጣል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ትንፋሽ የሚያቋርጠው በአብዛኛው ሳንባው ስለታመመ አይደለም። ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎሉ ክፍል ገና ስላልበሰለ መተንፈስ «ይረሳል»። ትንፋሹ ለ20 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቆም፣ ወይም ባጭሩ ቆሞም የልብ ምቱ ሲወርድና በደሙ ያለው ኦክስጅን ሲያንስ ሐኪሞች አፕኒያ ይሉታል። ከ28 ሳምንት በፊት በተወለዱት ላይ የማይታይበት ሕፃን ማግኘት ያስቸግራል። ካፌይን አንጎልን «ተረጋጋ» የሚለውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር መንገዱን ይዘጋበታል። ያኔ የትንፋሽ ማዕከሉ ይነቃል፣ በደም ውስጥ የሚጠራቀመውንም የተቃጠለ አየር ቶሎ ማወቅ ይጀምራል።

«ያው ቡና ከሆነ እኛ በጠብታ ብንሰጠውስ?»

በፍጹም። በስኒ ውስጥ ያለው ካፌይን እንደ ቡናው፣ እንደ አፈላሉና እንደ ቶናው ይለያያል፤ መጠኑን ማንም ሊያውቀው አይችልም። ለሕፃኑ የሚሰጠው ካፌይን ሲትሬት የሚባል ንጹሕና ልኩ የታወቀ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይዞ ይመጣል፤ በደም ሥር ወይም ወደ ጨጓራ በገባች ቀጭን ቱቦ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት አስፈላጊ ናቸው ካላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ።

«ለአንጎሉ አይጎዳም?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነበር፤ ሐኪሞችም ይጠይቁት ነበር። መልሱ የመጣው ባርባራ ሽሚት ከመሩት ትልቅ ጥናት ነው። በውስጡ ከ500 እስከ 1250 ግራም ሆነው የተወለዱ 2006 ሕፃናት ነበሩ። ውጤቱ በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ካፌይን ካገኙት መካከል የቆየ የሳንባ ችግር የታየባቸው 36 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 47 በመቶ ሆኑ። ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ሴሬብራል ፓልሲ የታየባቸው ካፌይን ካገኙት 4.4 በመቶ፣ ካላገኙት 7.3 በመቶ ነበሩ። ካፌይን ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ክብደት የጨመሩት ትንሽ ቀስ ብለው ነው፤ በኋላ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነዋል።

«ትንፋሹ ባቆመ ቁጥር ይጨመርለት»

የአጠቃቀሙ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ትልቅ ሰው ጠዋት ከጠጣው ቡና ያገኘው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ከሰውነቱ ወጥቷል። ያለቀኑ የተወለደው ሕፃን ጉበቱ ካፌይንን የሚሰባብርበት አቅም ገና የለውም፤ አብዛኛውን እንዳለ በሽንቱ ያስወጣዋል። ስለዚህ ግማሹ እስኪወጣ መቶ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተሰጠው መድኃኒት ዓርብ ቀትር ላይ ገና በግማሹ አለ ማለት ነው።

በ29 ሳምንቱ ተወልዶ 1200 ግራም የሚመዝን ሕፃን እንውሰድ። የመጀመሪያው መጠን ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም ካፌይን ሲትሬት ነው። በ1.2 ኪሎ ሲባዛ 24 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1.2 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በደም ሥር ሲሰጥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዝግታ ይገባል። ይህ ትልቁ መጠን አንዴ ብቻ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ የሚቀጥለው የየቀኑ መጠን ለአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው፤ ለዚህ ሕፃን ከ6 እስከ 12 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። የትናንቱ ገና በሰውነቱ ስላለ የዛሬው የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ትንፋሹ በተቋረጠ ቁጥር አንድ አንድ ቢጨመር ግን መድኃኒቱ ሳይወጣ በላዩ ላይ ይከመራል።

ሐኪሙ መጠኑን ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ለሁለት ቀን ደህና የነበረ ሕፃን በድንገት ደጋግሞ ትንፋሽ ማቋረጥ ከጀመረ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ኢንፌክሽን ነው። ቀጥሎ የስኳር ማነስ፣ የሙቀት መውረድ፣ የደም ማነስ ይታያል። ካፌይን ጨምሮ ኢንፌክሽንን መሸፈን ጊዜ ማባከን ነው፤ ጊዜውም ሕፃኑ የሌለው ነገር ነው።

ከስህተቶች ሁሉ የምፈራው የሒሳቡን ነው። 20 ሚሊ ግራም ካፌይን ሲትሬት በውስጡ ያለው ንጹሕ ካፌይን 10 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ትእዛዙ ላይ «ካፌይን 24 ሚሊ ግራም» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ አንዱ በሲትሬት፣ ሌላው በንጹሑ ሊቆጥረው ይችላል፤ ሕፃኑም እጥፉን ያገኛል። ለዚህ ነው «ሲትሬት» የምትለው ቃል ከትእዛዙ መጥፋት የሌለባት። ከዚህ የከፋው የነጥብ መዛወር ነው፤ 1.2 ሚሊ ሊትር 12 ሲሆን። እዚህ ላይ ልምድ ያላት ሲስተር ከሒሳቡ በፊት እጇ ይነግራታል፦ ሦስት ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ብልቃጥ ለዚህ ሕፃን አንዱ ተርፎት ሳለ አራት መክፈት ካስፈለገ ትእዛዙ ተሳስቷል። በደንብ በሚሠራበት ክፍል ሁለት ሰው ለየብቻው አስልቶ ካልተስማማ መድኃኒቱ አይሰጥም።

«ልቡ ስለፈጠነ ተመርዟል»

ቤተሰብ ሞኒተሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ስለሚውል ይህ ወሬ ቶሎ ይነሳል። ካፌይን ልብን በመጠኑ ያፈጥናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ልብ ያለ መድኃኒትም በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ይመታል፤ ሲያለቅስ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ብዙ ክፍሎች የሚጠነቀቁበት ቁጥር 180 ነው። ያውም ሕፃኑ ተኝቶ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ በማዳመጫ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ። ከ180 በላይ ሆኖ ከቆየ የዕለቱ መድኃኒት ሳይሰጥ ይዘገያል፣ ሐኪም ይጠራል፣ ትኩሳትና የደም ማነስም ይታያል፤ ልብን የሚያፈጥነው ካፌይን ብቻ አይደለምና። የአንድ ቀን መጠን መዝለሉ ብዙም አያስፈራም፤ ቀደም ሲል የተሰጠው ገና አለ።

መመረዝ የሚጠረጠረው ምልክቶች ሲደራረቡ ነው። ሕፃኑ የማይረጋጋ፣ የሚቁነጠነጥ ይሆናል፤ ያስታውከዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ወተት አልቀበል ይላል። የደም ስኳሩ ከፍ ይላል። ሽንቱ ይበዛል፤ ነርሶች እርጥቡን ዳይፐር የሚመዝኑት ለዚህም ነው፤ ከደረቁ በላይ የመጣው እያንዳንዱ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ያህል ነው። ብርቱው ምልክት የሰውነት መንዘፍዘፍ ነው። ተራ መንቀጥቀጥና የአንጎል መንዘፍዘፍ የሚለዩት በእጅ ነው፦ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ወይም እግር በቀስታ ያዝ ሲያደርጉት ካቆመ ተራ መንቀጥቀጥ ነው። ተይዞም ከቀጠለ፣ ወይም ዓይኑ ወደ አንድ ወገን ፈጦ ከቀረ በአስቸኳይ ሐኪም ይጠራል። ካፌይንን የሚያከሽፍ ማርከሻ የለም። መድኃኒቱ ይቆማል፣ መንዘፍዘፉ ይታከማል፣ ትንፋሽና ልቡ ይደገፋል፣ ሰውነቱ እስኪያስወጣው ቀናት ይጠበቃል።

«ደሙ በየቀኑ ካልተመረመረ አደጋ ነው»

አይደለም። የሚጠቅመው መጠንና የሚመርዘው መጠን በካፌይን ተራርቀው ነው ያሉት። በአንድ ሊትር ደም ከ5 እስከ 25 ሚሊ ግራም የሚሠራበት ነው፤ ከባድ መመረዝ በአብዛኛው የሚያሳስበው 50 ሲያልፍ ነው። በትክክል የተሰላ የመጀመሪያ መጠን ወደ 12 አካባቢ ያደርሰዋል። ስለዚህ ደሙ ጥቂት ከሆነ ሕፃን በየቀኑ መቅዳት ትርፍ የለውም። ምርመራው የሚያስፈልገው ኩላሊቱ ሲደክም፣ ጉበቱ ሲታመም፣ የስህተት ጥርጣሬ ሲኖር፣ ወይም በቂ መጠን እያገኘ ትንፋሹ አልስተካከል ሲል ነው። ላቦራቶሪው ይህን ምርመራ በማይሠራበት ቦታም በጥንቃቄ የተሞላ የክትትል ቅጽ ብዙ ይሠራል፦ ትንፋሹ የቆመው በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል፣ ከንፈሩ ጠቆረ ወይ፣ በራሱ ተመለሰ ወይስ ተነካክቶ።

«አሚኖፊሊንም ያው ነው»

ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ አይደሉም። በሀገራችን ካፌይን ሲትሬት በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች አሚኖፊሊን ይሰጣል፤ ትንፋሽንም ያግዛል። ነገር ግን የሚጠቅመውና የሚመርዘው መጠን ተቀራራቢ ናቸው፣ ልብን አብዝቶ ያፈጥናል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መሰጠት አለበት። ደግሞም በጨቅላ ሰውነት ውስጥ የተወሰነው ክፍል ራሱ ወደ ካፌይን ይለወጣል። ከሌላ ሆስፒታል ሪፈር የተላከ ሕፃን አሚኖፊሊን ሲወስድ መቆየቱ ካልተነገረ፣ በላዩ ላይ ሙሉ የካፌይን መጠን ሊጀመርለት ይችላል። እናት ይህን ማወቅና መናገር ትችላለች፤ የወሰደውን ስም በወረቀት አስጽፋ ብትይዝ ይበጃል።

«መድኃኒቱ ቆመ፤ ዛሬ እንሂድ»

ካፌይን ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሕፃኑ ከማሕፀን ዕድሜው ጋር ተደምሮ 34 ሳምንት አካባቢ ሲደርስና ለቀናት ትንፋሽ ሳያቋርጥ ሲቆይ ነው። በቆመ ማግስት ጥሩ ቢተነፍስ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ እያስተነፈሰው ያለው የትናንቱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ተጠብቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። «አልጋ ይዘው ሊያቆዩን ነው» ብለው ፈርመው የሚወጡ ቤተሰቦች የሚያልፏቸው እነዚያን ቀናት ነው።

ሕፃኑ ቤት ከገባ በኋላ ትንፋሹ ከቆመ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ የእግሩን መዳፍ በጣት ማሸት፣ ጀርባውን በቀስታ ማሻሸት፣ ቢመለስም ባይመለስም በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ቡና፣ ሻይ ወይም ከሌላ ልጅ የተረፈ መድኃኒት በአፉ አታድርጉበት።