ቆመው ካልተለኩት የማይታይ ግፊት

ጠዋት ከአልጋ ብድግ ሲሉ ወይም ከረጅም ጸሎት በኋላ ከጉልበታቸው ሲነሡ «ዓይኔን ጭልም አደረገብኝ» የሚሉ ሰዎች በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በሺንሺቾም አይጠፉም። ብዙው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ጥቂት ይቆያል፤ ብርሃኑ ይመለስለታል፤ ነገሩም ይረሳል። አንዳንዱ ግን ይወድቃል። የወደቀው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግፊቱ ይለካል፤ ቁጥሩ ደኅና ስለሚሆንም «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። የተለካው ግን የተቀመጠ ሰው ግፊት ነው፤ ሰውዬው የወደቀው ሲቆም ነው።

ስንተኛ ደማችን በሰውነታችን ውስጥ ከሞላ ጎደል በእኩል ተዘርግቶ ይገኛል። ስንቆም ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ደም በራሱ ክብደት ወደ እግርና ወደ ሆድ ደም መላሾች ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ለጊዜው ስለሚቀንስ፣ ልብ በእያንዳንዱ ምት የምትረጨውም ያንሳል፤ ግፊትም ይወርዳል። ይህ በእያንዳንዳችን ላይ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። የማንወድቀው አንገታችን ውስጥ ባሉት ትልልቅ የደም ቧንቧዎችና ከልብ በሚወጣው ዋና ቧንቧ ላይ ግፊትን የሚጠብቁ ነርቮች ስላሉ ነው። ግፊቱ መውረዱን እንዳወቁ ለአንጎል ይነግራሉ፤ አንጎልም ልብ ፈጥና እንድትመታና የእግርና የሆድ ቧንቧዎች እንዲጠብቡ ያዛል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ጤነኛ ወጣት እንኳ በድንገት ሲነሣ ትእዛዙ እስኪደርስ ድረስ ለአፍታ ዓይኑ ቢጨልም፣ ወዲያው እስከተመለሰለት ድረስ በሽታ አይደለም።

ከሌላው የሰውነት ክፍል ይልቅ ዓይን ቀድሞ የሚጨልምበት ምክንያት አለው። የዓይናችን ኳስ ውስጥ የራሱ የሆነ ግፊት አለ፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ደም ይህን ግፊት አሸንፎ ማለፍ አለበት። የደም ግፊት ሲወርድ እንግዲህ አንጎል ገና ደም እያገኘ ሳለ ዓይን ያጣል። ሰውዬው ድምፅ እየሰማና እያሰበ ሳለ እይታው ከዳር ጀምሮ ግራጫ ይሆናል፤ ግፊቱ ከዚያም በታች ከወረደ ራሱን ይስታል። ስለዚህ የዓይን መጨለም ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያች አፍታ ቁጢጥ ያለ ወይም የተቀመጠ ሰው ከመውደቅ ይተርፋል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት። የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለማስረዳት ያቀናበርኩት ነው። በሆሳዕና የሚኖሩ የ63 ዓመት እናት ናቸው። ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል፤ በየቀኑ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉ ሁለት ኪኒኖች ይወስዳሉ። በቤተ ክርስቲያናቸው የጾም ጸሎት ታውጆ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሱም፤ ኪኒናቸውን ግን እንዳይቋረጥ ብለው ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጠዋል። ከሰዓት በኋላ ለረጅም ጊዜ ተንበርክከው ጸልየው ብድግ ሲሉ ጆሯቸው ጭው አለ፤ ዓይናቸው ጨለመ፤ ጉልበታቸውም ከዳቸው።

አጠገባቸው የነበሩ ሴቶች እንዳይወድቁ ደግፈው አቆሟቸው፤ ሌላዋ ክብሪት ጭራ አሸተተቻቸው። በቅንነት የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የሳተን ሰው ደግፎ ማቆም ወይም ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ደሙ ወደ አንጎል እንዳይደርስ ያደርጋል፤ የመሳቱ ጊዜም ይረዝማል። ማድረግ የሚገባው ባለበት በጀርባ ማስተኛት፣ እግሮቹን ከፍ አድርጎ መያዝና ነፋስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ውኃ የሚሰጠው ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ራሱ ብርጭቆውን መያዝ ሲችል ነው፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ውኃው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እኚህ እናትም የነቁት ሴቶቹ ደክሟቸው መሬት ላይ ካስተኟቸው በኋላ ነበር።

ጤና ጣቢያ ተቀምጠው ሲለኩ ግፊታቸው 126 በ78 ሆነ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። የጤና መኮንኑ ግን በዚያ አልተወውም። «እማማ፣ እስቲ አልጋው ላይ ጋደም ይበሉልኝ» አላቸው። አምስት ደቂቃ ከተኙ በኋላ ሲለካ 132 በ80፣ የልብ ምታቸውም በደቂቃ 74 ሆነ። አስነሣቸውና ከጎናቸው ቆሞ በአንደኛው ደቂቃ ለካ፤ 104 በ68፣ ምት 102። በሦስተኛው ደቂቃ 100 በ66፣ ምት 106። «ልጄ፣ ደግሞ ሊጨልምብኝ ነው» አሉ፤ አስቀመጣቸው።

ሰው ከተኛበት ተነሥቶ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሲቆም ግፊቱ የሚወድቅበት ሰው ይባላል። የእኚህ እናት የላይኛው ቁጥር በ32፣ የታችኛው በ14 ወርዷል። ከዚህ ይልቅ ምክንያቱን የሚናገረው የልብ ምታቸው ነው። ከ74 ወደ 106 መውጣቱ ነርቮቹ ሥራቸውን እየሠሩ መሆናቸውንና ልብ በሙሉ ኃይሏ እየሮጠች መሆኗን ያሳያል። የጎደለው በቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው።

ፈሳሹ የጎደለው በሁለት በኩል ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ አልገባም፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ጨውና ውኃ በሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ኤናላፕሪል በሌላ መንገድ ይመጣል። ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው ቧንቧዎችን አጥብቦ ግፊቱን ለመያዝ የሚጠቀምበት አንድ ሆርሞን አለ፤ ኤናላፕሪል የሚሠራው ያ ሆርሞን እንዳይመረት በማድረግ ነው። በደኅናው ቀን ይህ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ለግፊት የታዘዘውም ለዚሁ ነው። ውኃ ባልተጠጣበት ቀን ግን ሰውነት የሚመካበትን መከላከያ ይወስድበታል። ሁለቱ ኪኒኖች ለየብቻቸው ወይም ጾሙ ብቻውን እኚህን እናት ላይጥላቸው ይችል ነበር።

በሽተኛ ከወደቀ በኋላ የሚመጣው ትልቁ አደጋ ኪኒኑን በገዛ ራስ ሙሉ በሙሉ መተው ነው። ያልታከመ ግፊት አንጎል ላይ ደም ሊያፈስስ ወይም ሊያረጋ ይችላል፤ የሚገርመው ደግሞ ከፍተኛ ግፊት ለብዙ ጊዜ ሳይታከም ሲቆይ ሲቆሙ የሚመጣውን መውደቅ ራሱ ያብሳል። ለእኚህ እናት የተደረገው እንዲህ ነው። አንድ ከረጢት ለምለም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየተጎነጩ ጠጡ፤ ምግብም በሉ። ኩላሊታቸውና የደማቸው ጨው ተመረመረ፤ እንዲህ ባለ ቀን እነዚህ ኪኒኖች ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉና። የሚያሸናው ኪኒን በሐኪም ትእዛዝ ለጊዜው ቆመ። በማግሥቱ ተኝተው 138 በ82፣ ቆመው 128 በ80 ሆኑ፤ ምታቸውም ከ72 ወደ 84 ብቻ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለሚቀጥለው ጾም ነበር፦ ውኃ የማይቀመስበት ጾም ከመግባታቸው አስቀድመው መጥተው የትኛው ኪኒን እንደሚቆም፣ የትኛው ወደ ማታ እንደሚዛወር ሐኪሙ እንዲወስን። በረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው፣ ከቆላው ቀበሌ በወባ ትኩሳት ሲያልበው ያደረ የግፊት ታካሚም ሳይጾም እዚያው ቦታ ላይ ይደርሳል። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ በመሆኗ ውኃ ጥም ቶሎ አይሰማም፤ በእርጅና ደግሞ ጥም ራሱ እየደከመ ይሄዳል። ጥምን ከመጠበቅ የሽንትን ቀለም ማየት ይሻላል።

ዓይን የሚያጨልሙት የግፊት ኪኒኖች ብቻ አይደሉም። ለፕሮስቴት የሚሰጡት እንደ ታምሱሎሲንና ፕራዞሲን ያሉት የደም ቧንቧንም ስለሚያላሉ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ይጥላሉ። ለነርቭ ሕመምና ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፣ ለእብጠት የሚሰጠው ላሲክስም ከዚሁ ይመደባሉ። ወደ ሐኪም ሲኬድ ስማቸውን ለማስታወስ ከመቸገር የኪኒኖቹን ማሸጊያ ሁሉ በፌስታል ይዞ መሄድ ቀላል ነው። «ግፊትህ ወርዷልና ጨው በርከት አድርግ» የሚለውን የጎረቤት ምክር ግን ግፊት ያለበት ሰው እንዳይቀበለው አደራ እላለሁ።

የልብ ምቱ የማይነሣ ሰው ጉዳይ የተለየ ነው። ለብዙ ዓመታት ስኳር የኖረባቸው አንድ አባት ቢለኩና ተኝተው 150 በ80፣ ቆመው 112 በ66 ቢሆኑ፣ ምታቸው ግን ከ74 ወደ 78 ብቻ ቢወጣ፣ እዚህ የጎደለው ውኃ ሳይሆን ትእዛዙን የሚያደርሱት ነርቮች ናቸው። ብራድበሪና ኤግልስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1925 እ.ኤ.አ. ሦስት እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን በጽሑፍ አስተዋውቀው ነበር፤ ሲቆሙ የሚወድቁ፣ ልባቸው ግን የማይፈጥን። እንዲህ ላለው ሰው ከመነሣቱ በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ በአንድ ጊዜ መጠጣት ለአንድ ሰዓት ገደማ ግፊቱን ደግፎ ይይዝለታል፤ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያድርገው። ከባድ ምግብና መጠጥ ደሙን ወደ ሆድና ወደ ቆዳ ስለሚስቡ በመስቀል ድግስ ላይ የሚወድቁ ሽማግሌዎች ይኖራሉ።

ሌሊት ለሽንት መነሣት ለሁሉም አስቸጋሪው ሰዓት ነው። ሰውነቱ ሞቅ ብሎ የተኛ ሰው ጨለማ ውስጥ ብድግ ብሎ ግቢው ዳር ወዳለው መጸዳጃ ይወጣል፤ ቁጢጥ ብሎ ቆይቶ ይነሣል። ከቁጢጥታ በድንገት መነሣት ደግሞ ከተኙበት ከመነሣት የበለጠ ግፊትን ይጥላል። አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ፣ ከመነሣት በፊት የባትን ጡንቻ ደጋግሞ ማኮማተር፣ መጸዳጃው ግድግዳ ላይ የሚያዝ ጠንካራ እንጨት መምታት፣ ለአዛውንት ደግሞ ለሌሊቱ ማስታጠቢያ ወይም ባልዲ አልጋው አጠገብ ማስቀመጥ ብዙ የዳሌ ስብራት ያስቀራል። ዓይን መጨለም ከጀመረ እግርን አጣምሮ የጭንንና የመቀመጫን ጡንቻ አጥብቆ ማኮማተር ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ካልሆነም ባሉበት መቀመጥ ነው።

ውኃ ጠጥቶ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ያለበት ሰው ጨጓራው ወይም አንጀቱ እየደማ ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ የቀረባትና ሆዷን የሚያማት ሴት ራሷን ከሳተች ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰ ፅንስ ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ሳለ፣ ወይም እየሮጠ ራሱን የሳተ፣ ከመሳቱ በፊት ደረቱን ያመመው ወይም ልቡ ያለ ሥርዓት የመታበት ሰው ችግሩ ከልብ ሊሆን ይችላል። እነዚህ በዚያው ሰዓት ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ሌላ ሆስፒታል መወሰድ አለባቸው፤ በመንገድም ላይ ሳይቀመጡ ተኝተው ይሂዱ።